አንድ ጋዝ፣ ሁለት ምልክት

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት እትዬ ብልቃጥ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ተራዋን ጠበቀች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር መጋፋት አትወድም። «እትዬ ብልቃጥ» ብለው ስም ያወጡላትም እነዚሁ ልጆች ናቸው። ተማሪ ከመሆኗ በፊት በዚያው ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብልቃጥና ቱቦ ስታጥብ ኖራ፣ አንድ ቀን «እኔስ ከነሱ ምን ይጎድለኛል?» ብላ ተመዘገበች። በስሙ ተናደደች እንዳትሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ያልሰበረች ሴት ብልቃጥ ብትባል ምን ነውር አለው?

ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ጣቷን ከመታወቂያ ቁጥሯ ትይዩ አስኬደች። ቴርሞዳይናሚክስ፣ ሃምሳ ሦስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ግድግዳውን ተደገፈች። ይህን ትምህርት አምና ወድቃበታለች። ዘንድሮ ሁለተኛዋም የመጨረሻዋም ነበር፤ ሁለቴ የወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል፣ ሕጉ ነው። በሃምሳ ሦስት እንዲህ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ያየ ይስቅ ይሆናል። ይሳቃ! የወደቀ ሰው ነው የማለፍን ነገር የሚያውቀው።

ደስታዋ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ደረጃው ላይ የክፍሉ ተወካይ ጠበቃት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ ከእግሩ የሚቀድም ልጅ ነው። ከኋላው አራት አምስት ተማሪዎች ቆመዋል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «እኛ ሴክሽን ስድሳ አንድ ሰው ነን አይደል? አራተኛውን ጥያቄ ስድሳችን ዜሮ ነው ያገኘነው። ስምንት ማርክ! ስምንቱን ያገኘሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እና?»

«እናማ... ጥያቄውን ያወጣችው ዶክተሯ ናት። አንቺ ደግሞ እሷ ላብራቶሪ ስትሠሪ የቢሮዋ ቁልፍ ነበረሽ ይባላል።»

ልጁን በጥፊ ብትለው ደስ ባላት፤ ግን እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ነበረኝ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ። ሥራ የለቀቅኩ ዕለት ፈርሜ አስረከብኩ። አንተ ያኔ ሁለተኛ ደረጃም አልጨረስክም።»

«ታዲያ ስድሳችን ያልቻልነውን አንቺ እንዴት ቻልሽ?»

ከስድቡ ሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነው፤ እውነትም መልስ አልነበራትም። ፈተናው ላይ ጥያቄውን አይታ፣ ደምራ፣ ሦስት መቶ ብላ ጽፋ አለፈች። ስድሳዎቹ ከጥቂቶቹ በቀር ሰባት መቶ ብለዋል። ለምን እሷ ደመረች? እነሱስ ለምን ቀነሱ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞዳይናሚክስን ሁለት መምህራን ለሁለት ሴክሽን ያስተምራሉ፤ ፈተናው ግን አንድ ነው፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እሱ ያወጣል፤ ጥያቄውን ያወጣም ያርማል። አንዷ ኬሚስት ናት፤ ተማሪው «ዶክተሯ» ይላታል። ሌላው ፋብሪካ ለፋብሪካ ሲዞር ኖሮ በስተርጅና ወደ ማስተማር የመጣ መሐንዲስ ነው፤ «ኢንጂነሩ» ይባላል። ሁለቱ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ በቀር ቃል አይለዋወጡም። እትዬ ብልቃጥ አምና የወደቀችው ዶክተሯ ዘንድ ነው፤ ዘንድሮ የደረሳት ኢንጂነሩ ነው።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ በምንም ሳሙና አይለቅም።

«አልፈሻል አይደል?» አላት። «አልፈሻል! በቃ ዝም በያቸው። ወሬ እንደሆነ ይሰለቻል።»

«ሌባ ተብዬ?»

«ማን ነው ሌባ ያለሽ? ሄጄ ላናግረው?»

«አንተ ሄደህ ካናገርከው ያኔ በቃ ሰረቀች ነው የሚሉት። ተወኝ፣ እኔ ራሴ አገኘዋለሁ» አለች። ምኑን እንደምታገኘው ግን አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛውን አጸዳችና የሁለቱን መምህራን ስላይዶች አወጣች። አምና ያሳተመችው የዶክተሯ ስልሳ አራት ገጽ ነው፤ የዘንድሮው የኢንጂነሩ ሃያ ዘጠኝ። ርዕሱ አንድ ነው፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ገጽ «የቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያው ሕግ» ይላል። ግራና ቀኝ አድርጋ ዘረጋቻቸው። አንድ ባዶ ሉክ ወረቀት መሐል ላይ አስቀምጣ በማስመሪያ ለሁለት ከፈለችውና፣ ልክ ብልቃጥ ስትቆጥር እንደለመደችው፣ አንዱን ካንዱ እያመሳከረች መመዝገብ ጀመረች።

መጀመሪያ የቆጠረችው ብዛት ነው። ዶክተሯ ከስልሳ አራቱ ስለ ሥራ፣ ማለትም ገፍቶ ስለማንቀሳቀስ፣ የምታወራው አምስት ገጽ ብቻ ነው። የቀረው ስለ ሙቀት አለካክ፣ ጋዙ ውስጥ ምን ያህል ኢነርጂ እንደቀረ፣ ለውስጥ ኢነርጂው ከየት ተነስቶ የት መድረሱ እንጂ በየት በኩል መሄዱ ለውጥ እንደማያመጣ ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ሦስት ቦታ በደማቁ ጽፋታለች። ኢንጂነሩ ይህንኑ በአንድ መስመር ብሎ አልፎታል። እሱ ከሃያ ዘጠኙ አሥራ ሰባቱን የሰጠው ለሥራ ነው፤ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ከግራፉ ሥር ያለ ስፋት፣ እንደገና ፒስተን። ሙቀት መለኪያ ዕቃ የሚባል ነገር ሥዕሉ እንኳ የለም።

«ወይ ሁለቱ ሰዎች! ስለ አንድ ሕግ ነው የሚያወሩት እኮ» አለች ለራሷ።

ቀጥላ ፊደል ፊደሉን መመዝገብ ጀመረች። ዶክተሯ ሙቀትን በትንሿ q፣ ሥራን በትንሿ w ትጽፋለች። ኢንጂነሩ ሁለቱንም በትልቁ፣ Q እና W። ይህን አምናም ዘንድሮም አይታዋለች፤ የእጅ ጽሑፍ አመል ነው ብላ ንቃው ነበር። አሁን ግን የውስጥ ኢነርጂውን ለውጥ፣ ΔUን፣ የሚሰጡትን ቀመሮች ጎን ለጎን ገለበጠቻቸው።

ዶክተሯ፦ ΔU = q + w

ኢንጂነሩ፦ ΔU = Q − W

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የዶክተሯን ዘጠነኛ ገጽና የኢንጂነሩን አሥራ አራተኛ ገጽ ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። በሁለቱም ላይ ሣጥን ተስሏል፤ ሣጥኑ ጋዙ ነው። ዶክተሯ ዘንድ የሙቀትም የሥራም ቀስት ወደ ሣጥኑ ይገባል። ኢንጂነሩ ዘንድ ሙቀት ይገባል፣ የሥራው ቀስት ግን ይወጣል።

ባሏ ሻዩን ይዞ መጣና በትከሻዋ በኩል አየ። የኢንጂነሩ ሥዕል ላይ በዚያ ግሪስ በጠገበ ጣቱ ጠቆመ።

«ይሄኛው ሰውዬ ገብቶታል። እሳት ታስገባለህ፣ ጉልበት ይወጣልሃል። ሞተር ማለት ይሄ ነው።» ወደ ሌላው ዞረ። «ይቺ ደግሞ ምን እያለች ነው? ሁሉንም ወደ ውስጥ?»

«እሷ ሞተሩ ምን ሰጠኝ አትልም። ጋዙ ምን አገኘ፣ ምን ቀረለት ነው የምትለው።»

«ጤንነቱን ነው የምትጠይቀው በይኛ! እንዴት አደርክ ጋዜ፣ በላህ ወይ ጋዜ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«እሱ ነው!» አለች። «በልኩ ነው ያልከው! እሷ ሂሳቧን የምትይዘው በጋዙ በኩል ነው፤ እሱ የሚይዘው ሞተሩን በሚነዳው ሰው በኩል ነው። ጋዙ ፒስተን ሲገፋ ለሷ ጉልበት ጠፋ፣ ኔጌቲቭ ነው። ለሱ ተገኘ፣ ፖዘቲቭ ነው። ምልክቱ የተገለበጠው ሁለቱ የቆሙበት ቦታ ስለተለያየ ነው!»

የፈተናውን ወረቀት አወጣች። አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ጋዝ 500 ጁል ሙቀት ተቀበለ፤ w = −200 ጁል ነው። ΔU ስንት ነው?» በቃ፣ ይህችው ናት። w የማን ሥራ እንደሆነች አይናገርም። በዶክተሯ አምስት መቶ ሲደመር ኔጌቲቭ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። በኢንጂነሩ አምስት መቶ ሲቀነስ ኔጌቲቭ ሁለት መቶ፣ ሰባት መቶ። የሷ እጅ ትንሿን w ሲያይ አምና የለመደውን ደመረ። ስድሳዎቹ ግን ትንሿን w አይተው አያውቁም፤ የተማሩትን በትክክል ሠሩ። ሌባም የለ፣ ሰነፍም የለ።

ደረቷ በኩራት ተነፋ፤ ምን ይደበቃል? ሁለት መምህራን በአንድ ኮሪደር እየተላለፉ ያላዩትን አንዲት ብልቃጥ አጣቢ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ አገኘችው!

ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና አንድ ሌላ ሂሳብ ሠራች። ኩራቷ ወዲያው ቀዘቀዘ። ጥያቄው ተሳስቷል ከተባለ ኮሌጁ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ይሰርዘዋል። ከሃምሳ ሦስቱ ስምንቱ ሲነሳ አርባ አምስት ይቀራታል፤ አርባ አምስት ከዘጠና ሁለት ማለት በመቶኛ አርባ ዘጠኝ አይሞላም። ወደቀች ማለት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ።

ወረቀቱን ለባሏ አሳየችው።

«ይሄን ይዘሽ ከሄድሽ የራስሽን ነገር ልታበላሺ ነው» አላት።

«ስድሳ ልጅ ያልሠራውን ስህተት ተሸክሟል እኮ። ደግሞ ይሄን አግኝቼ መሳቢያ ውስጥ ልቆልፈው? እኔ? በየትኛው አንጀቴ?»

«እንግዲህ ምን እላለሁ» አለ። «ሸሚዜን ተኩሺልኝ አልልሽም፣ ራሴ እተኩሳለሁ። ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ በር ላይ እቆማለሁ።»

ሰኞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ጠባብ ሆና ዋለች። ኃላፊው ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ዶክተሯ በመስኮቱ በኩል፣ ኢንጂነሩ በበሩ በኩል፣ ተወካዩ ክንዱን አጣምሮ ግድግዳው ጋ። እትዬ ብልቃጥ ሉኳን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው፤ የገጽ ቁጥር በገጽ ቁጥር፣ ፊደል በፊደል።

ጨርሳ ቀና ስትል መጀመሪያ የተናገረው ኢንጂነሩ ነው። «እንግዲህ ግልጽ ነው። ጥያቄው ስህተት ነበር።»

«ጥያቄዬ ስህተት የለበትም» አለች ዶክተሯ። «ደግሞ በሌላ ምልክት የሚጽፉ መጻሕፍት እንዳሉ ስላይድ ሠላሳ አንድ ላይ አስጠንቅቄያለሁ።»

«አዎ ዶክተር፣ አስጠንቅቀዋል» አለች እትዬ ብልቃጥ። ገጹን አወጣችው። «ይኸው፣ ከታች፣ በዚህች የጉንዳን እግር በምታክል ጽሑፍ። ግን ይህን ያየነው የእርስዎ ተማሪዎች ነን። የኢንጂነሩ ተማሪዎች ስላይድዎን አይተውት አያውቁም።»

ተወካዩ ክንዱን ፈታ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ጣጣ አናብዛ። ጥያቄው ይሰረዝ፣ ቀሪው ከዘጠና ሁለት ይታሰብ። ሁሉም እኩል ይሆናል።»

«አይሆንም» አለች እትዬ ብልቃጥ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

«ለምን?»

«አንደኛ፣ ከተሰረዘ እኔ እወድቃለሁ። ይሄን ደብቄ አልናገርም፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ፣ ይዩት። ሁለተኛ ግን መሰረዝ ልክ አይደለም። ልጆቹ ዕውቀት አሳይተዋል። ያወቀ ሰው ያወቀውን ያግኝ እንጂ ለምን ይሰረዝበታል? እኔን ጥቅሟን አይታ ነው ካላችሁ የኔን ብቻ ሰርዙት፤ የነሱን ግን ስጧቸው።»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ትኩር ብሎ አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ፈተናው ላይ ሦስት መቶ ያልሽው ገብቶሽ ነው ወይስ እጅሽ ለምዶ?»

«እጄ ለምዶ» አለች ቶሎ። «የገባኝ ቅዳሜ ነው።»

«ከገባሽማ ነይ... እዚያች ነጭ ሰሌዳ ላይ አሳዪኝ። የኔንም የሷንም።»

ማርከሩን አነሳች። አንድ ሣጥን ሣለች። ከጎኑ ፒስተን።

«አንድ ጋዝ ነው ያለው» አለች። «አምስት መቶ ሙቀት ገባለት። ጋዙ ተለጥጦ ፒስተኑን ወደ ውጭ በሁለት መቶ ጁል ገፋው እንበል። ዶክተር፣ እርስዎ w ኔጌቲቭ ሁለት መቶ ይላሉ፤ ይደምራሉ፣ ሦስት መቶ። ኢንጂነር፣ እርስዎ ደግሞ W ፖዘቲቭ ሁለት መቶ ይላሉ፤ ይቀንሳሉ፣ ሦስት መቶ። አሁን ደግሞ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ጋዙ ተጨመቀ እንበል። ዶክተር፣ ለእርስዎ ፖዘቲቭ ሁለት መቶ ነው፤ ሲደመር ሰባት መቶ። ኢንጂነር፣ ለእርስዎ ኔጌቲቭ ሁለት መቶ ነው፤ ሲቀነስ ሰባት መቶ። ጋዙ የናንተን ፊደል አያውቅም። በሁለታችሁም በኩል አንድ ነው የሚሆነው።»

ወደ ፈተናው ዞረች። «ልጆቹ ኔጌቲቩን አይተው ጋዙ ተጨመቀ ብለው ገባቸው። በተማሩት ምልክት ትርጉሙ ያ ነው፤ ስሌታቸውም ልክ ነው። ጥያቄው ላይ ‹በጋዙ ላይ የተሠራ› የምትል ሦስት ቃል ብትጨመር ኖሮ ማንም አይስትም ነበር።»

ዶክተሯ ከመስኮቱ ተነስታ ሰሌዳው ጋ መጣች። እትዬ ብልቃጥ ያቺን አረማመድ ታውቃታለች፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልታጠበ ብልቃጥ ልትፈልግ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምትራመደው። ሣጥኑን አየች፣ ቀስቶቹን አየች፣ ቁጥሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ተከተለች። የቆሸሸ ነገር አላገኘችም።

«ሦስት ቃል» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጥያቄው አይሰረዝም። ስህተቱ የኔ ነው። ቀመሩን ጽፎ በዚያው ቀመር በትክክል ያሰላ ሁሉ ስምንቱን ያገኛል፤ ስድሳውንም ወረቀት ራሴ እንደገና አርማለሁ።»

«ስህተቱ የሁለታችን ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ፈተናውን ከመታተሙ በፊት ሰጥተሽኝ ነበር። የራሴን ግማሽ ብቻ አንብቤ ፈረምኩ።» በዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ሲነጋገሩ ኃላፊው ራሱ ያየበት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ የተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል፤ አንዱን እጅጌ ረስቶታል፣ ኩምትር እንዳለ ነው። ፊቷን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ አቀፋት። ተወካዩ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ይቅርታ መጠየቅ ለዚያ ዓይነት አፍ ይከብዳል።

ከስድሳው ልጅ ሃምሳ አራቱ ስምንት ስምንት ማርክ አገኙ። ስድስቱ ከመጀመሪያውም ስሌቱን አበላሽተውት ነበርና ዜሯቸው ጸና። የእትዬ ብልቃጥ ውጤት እዚያው ሃምሳ ሦስት ላይ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። እሷም አልጠየቀች።

በሳምንቱ ዶክተሯ አስጠራቻት። ሄዳ ስትቀርብ ዶክተሯ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ስላይድ ከፍታ ነበር፤ ያ ሉክ ወረቀት፣ ተጽፎ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከነቀስቶቹ።

«በሁለታችንም ስላይዶች መጀመሪያ ላይ ይገባል» አለቻት። «ኢንጂነሩም ተስማምቷል። ሐሙስ ሁለቱን ሴክሽን አንድ ላይ እንሰበስባለን። ማን ያስረዳ በሚለው ላይ ተከራከርን።»

«እርስዎ ያስረዱት ዶክተር።»

«እኔ ካስረዳሁ የኔን ጎን አደምቀዋለሁ፤ እሱም የሱን። ሁለቱም በኩል ቆመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ነሽ የምታስረጂው።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኢንጂነሩና ዶክተሯ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባሏ ከጋራዥ አስፈቅዶ መጥቶ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ዕድሜውን የማይመጥኑ ልጆች መሐል ተጣብቧል፤ ለጎረቤቱ ልጅ «ሚስቴ ናት» ሲል እስከ መድረኩ ተሰማ። እትዬ ብልቃጥ ሣጥኗን ሣለች። ቀስቱን አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ። «ፊደሉን ከማየታችሁ በፊት ይሄ ሰው የት ቆሞ ነው የሚያየው ብላችሁ ጠይቁ» አለች። ብዙዎቹ ጻፉት።

«ጥያቄ ያለው?» አለች በመጨረሻ።

ከመሐል አንድ ረጅም ቀጭን እጅ ተነሳ። ተወካዩ ነው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተ።

«ቲቸር» አላት።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ ምን እንዳለ የገባው ኋላ ነው፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ግን አላረመውም። እሷ አልሳቀችም። ማርከሩን ከድና፣ ትከሻዋን አቅንታ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጠይቅ» አለችው።